አንድ 👍 እና 8,400 ብር፦ የ24 በርጩማዎች ጉዳይ ከጅማ

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የገንዘብ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ እንጨት ጠራቢ አሉ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ጋሼ እላቸዋለሁ። እንግሊዝ አገር ትንሽ የቤት ዕቃ ሱቅ ያላት ሴት 24 ባለ ሦስት እግር በርጩማ አዘዘቻቸው። ዕቃው ተሠርቶ አለቀ፣ ተጫነም። ክፍያው ላይ ግን የ8,400 ብር ልዩነት መጣ። ጋሼ «በአዲሱ ዋጋ ተስማምታ ነበር» አሉ። እሷ «አዲስ ዋጋ ስለሚባል ነገር የጠየቀኝ የለም» አለች። ሁለቱም የዋሹት ነገር አልነበረም።

ልዩነቱ የተፈጠረው መልእክቶቹ ሲተረጎሙ ነው። ቃላቱ በአመዛኙ በትክክል ተተርጉመዋል። የተበላሸው በቃላቱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው፦ ነጥቦቹ፣ ቃለ አጋኖዎቹ፣ ኢሞጂዎቹ። አንዳንዱ መቀየር ሲገባው እንዳለ ተላለፈ። አንዳንዱ መቅረት የሌለበት ቀረ። አንዱ ደግሞ፣ ያ 👍፣ ጨርሶ መነካት የሌለበት ወደ ቃል ተቀየረ።

እኔ የገባሁት ጠቡ ከተነሳ በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። የሚመጣልኝ አብዛኛው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና ውክልና ነው። «ቻት ተርጉምልን» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙም አያጋጥመኝም። ሁለቱም ወገኖች ማንነታቸው እስካልታወቀ ድረስ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

መልእክቱ የሚያልፍበት መንገድ

ጋሼ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ደንበኛዋም አማርኛ አታውቅም። መሃል ላይ የጋሼ የወንድም ልጅ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጋሼ የሚሉትን በአማርኛ በቴሌግራም ይልኩለታል። እሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለደንበኛዋ ይልካል። የእሷን መልስ ደግሞ ወደ አማርኛ እየመለሰ ለአጎቱ ያደርሳል። ስለዚህ ሁለት ቻት አለ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ሁለቱም አልጠፉም። ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁን ለመውቀስ አይደለም። በነጻ ነበር የሚሠራው፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። ስለ ኢሞጂ ስጠይቀው የነገረኝ ግን ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው፦ «ኢሞጂ የዓለም ቋንቋ ስለሆነ አይተረጎምም፤ ሲያስፈልግ ትተወዋለህ፣ ሳያስፈልግ ታወጣዋለህ።» ችግሩ «ሲያስፈልግ» የሚለውን በምን ይወስናል የሚለው ነው። ቻቱን ሳነበው የሚወስነው በቦታ ጥበትና በስሜት ነበር። ረዘም ካለበት ይቀንሳል። ደስ ካለው ይጨምራል።

ፈገግታዋ እና ቃለ አጋኖዋ

መጀመሪያ ላይ የተፈጠሩት ትናንሽ መቆራቆሶች ገንዘብ የለባቸውም፤ ለኋላው ግን መንገድ ጠርገዋል።

ደንበኛዋ የመጀመሪያዋን ናሙና በርጩማ ስትቀበል አንድ ነገር ጻፈች። መቀመጫው ላይ ትንሽ ስንጥቅ እንዳየች፣ ምናልባት እንጨቱ ሲደርቅ የመጣ እንደሆነ፣ ከዚያ 🙂። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ነው፤ የሚገጣጠም ነገር የለውም። በጅማ እርጥበት ውስጥ የተሠራ ዋንዛ በማሞቂያ የደረቀ ክፍል ሲገባ ይሰነጠቃል። እሷም እንደ ወቀሳ አላነሳችውም። ፈገግታውን ያስቀመጠችው ለማለሳለስ ነው።

ልጁ ለአጎቱ የላከው «መቀመጫው ላይ ስንጥቅ አለው። ሲደርቅ የመጣ ነው። 🙂» የሚል ነበር። ጋሼ «ትስቅብኛለች እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አማርኛው እንደ ምርመራ ውጤት የደረቀ ነው፤ ጫፉ ላይ ፊት ፈገግ ብሏል። እንዲህ ያለ ፈገግታ ሰው ላይ የሚያሾፍ ይመስላል።

እንግሊዝኛው ውስጥ 🙂 የሠራውን ሥራ አማርኛ በቃል ይሠራዋል። «ጋሼ፣ መቀመጫው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ምናልባት ሲደርቅ ይሆናል» ብሎ ኢሞጂውን ማውጣት ይቻላል። «ነገር»፣ «መሰለኝ» እና «ይሆናል» ሦስቱም ማለሳለሻ ናቸው። ማለሳለሱ አልጠፋም፤ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። ከዚያ በላይ 🙂 መጨመር ለአንድ ታላቅ ሰው ሁለቴ እንደ መሽኮርመም ነው።

ቃለ አጋኖውም እንዲሁ ነው። እሷ ልታመሰግንም ሆነ ልትጠይቅ ዓረፍተ ነገሯን በ«!» ነው የምትዘጋው። በእንግሊዝኛ የቻት ወግ ይህ ሞቅ ማለት ነው፤ ያለዚያ ቀዝቃዛ ይመስላል። ልጁ «ፎቶ ላክልኝ!» ብሎ አስተላለፈው። ትእዛዝ አንቀጽ ላይ ቃለ አጋኖ ሲጨመር አማርኛ አንባቢ የሚሰማው ጩኸት ነው። በዚያ ላይ «ላክልኝ» ራሱ ለአንድ ስልሳ ዓመት ላለፈው ሰው አይባልም። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን ስለማይለይ ተርጓሚው ነው የሚመርጠው። «ሲመችዎ ፎቶ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል» ቢባል «!» የተሸከመው ሙቀት በሙሉ በ«ሲመችዎ» እና በ«ደስ ይለኛል» ውስጥ አለ። ምልክቱ ያለ ጸጸት ይወጣል። በበዓል የላከችው የእንኳን አደረሰዎ መልእክት ላይ ግን «!» መቆየት ነበረበት፤ እኛም እንደዚያ ነው የምንጽፈው። ልጁ እዚያ ላይ በአራት ነጥብ ዘጋው። የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለ።

ዋጋውን የዋጠው ነጥብ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። የመጀመሪያው ስምምነት ለአንድ በርጩማ 1,800 ብር ነበር። ለ24ቱ 43,200 ብር ማለት ነው። ግማሹን 21,600 ብር በቅድሚያ ከፍላለች። ሥራው እንደተጀመረ እንጨት ተወደደ። ጋሼ ዋጋውን ወደ 2,150 ከፍ ለማድረግ ፈለጉ። ለልጁ የላኩት መልእክት ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ እንዴት ከረሙ 🙏🙏🙏 እግዚአብሔር ይመስገን ሥራው ጥሩ ነው..... ያው እንጨት ትንሽ ጨመረብን..... ከዚህ በኋላ በ2,150 ቢሆንልን ብዬ ነው..... እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ 🙏🙏🙏»

ከዚሁ ጋር የስድስት በርጩማ ፎቶ ነበር። ልጁ ፎቶዎቹን በአንድ ላይ ለደንበኛዋ ላከ። ከሥራቸው እንደ መግለጫ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጻፈ። ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ነው፦ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው። እንጨት ትንሽ ጨምሯል፣ አሁን 2,150።»

ቃል በቃል ካየነው የቀረ ትልቅ ነገር የለም። ሰላምታው ወጥቷል፤ ቁጥሩ አለ፤ ምክንያቱም አለ። ነጥቦቹና እጆቹ ግን ወጥተዋል። አሁን ጋሼ የጻፉትን እንደገና እንየው።

አምስት አምስት ነጥቦቹ የተቀመጡት በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ከባድ ነገር ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ ይገኛሉ። ሰውየው ፊት ለፊት ቢያወሩ ኖሮ እዚያ ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። ይሉኝታ ነው። «ይህን ማንሳት አልፈለግሁም፣ ግን ተገደድሁ» የሚለው ነገር በየትኛውም ቃል አልተጻፈም፤ ነጥቦቹ ውስጥ ነው ያለው። ነጥቦቹ ሲወጡ የዋጋ ጭማሪው እንደ አየር ጠባይ ወሬ ቀለለ። «ትንሽ ጨምሯል» የሚለው ብቻውን ቀረ።

መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት 🙏 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጋር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሰላምታ ናቸው። የመጨረሻዎቹ «ቢሆንልን ብዬ ነው» እና «እርስዎ ያውቃሉ» ከሚሉት ጋር ሲነበቡ ልመና ናቸው፤ መልስ ይጠብቃሉ። እንደኔ አነባበብ እነዚያ እጆች የጥያቄ ምልክት ሥራ ነው የሠሩት። ጋሼ ዋጋ ጨመርኩ አላሉም፤ ልጨምር ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ልጁ እጆቹን ሲያወጣ ጥያቄው ማስታወቂያ ሆነ። ማስታወቂያ ደግሞ መልስ አይፈልግም።

እንዳለ ቢተወውስ? እሱም አይሠራም። ነጥቦቹን እንግሊዝኛ ውስጥ ብታስቀምጥ አንባቢዋ ወይ ያላለቀ ሐሳብ ወይ ቅሬታ አድርጋ ልታየው ትችላለች። ይሉኝታ ነው ብላ የምትጠረጥርበት ምክንያት የላትም። ስድስት 🙏 ደግሞ ለእሷ ጸሎት ወይም ምስጋና ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትክክለኛው ሥራ መቀየር ነው። ለብቻው መልእክት ሆኖ፣ ከፎቶ ተለይቶ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ነገር መሄድ ነበረበት፦ «አንድ ነገር ላነሳልዎ ከብዶኝ ነበር። የእንጨት ዋጋ ጨምሯል። ከዚህ በኋላ አንዱን በርጩማ በ2,150 ብር ብናደርገው ይስማማዎታል?» ነጥቦቹ «ከብዶኝ ነበር» ሆኑ። እጆቹ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። ከሰላምታው ጋር አንድ 🙏 ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ ምስጋና መሆኑን እዚያ ላይ እሷም ታውቀዋለች።

አውራ ጣቱ

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደንበኛዋ 👍 አደረገች። ልጁ ለአጎቱ «እሺ ብላለች 👍» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስልኩን ሳየው መጀመሪያ ያስተዋልኩት 👍 መልእክት አለመሆኑን ነው። ሪአክሽን ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ የተጫነ። ሁለቱ ልዩነት አላቸው። ብቻውን የተላከ 👍 ራሱን የቻለ መልስ ነው። ሪአክሽን ግን የሚነበበው ከተጫነበት ነገር ጋር ነው። የተጫነበት ነገር ደግሞ ስድስት ፎቶና አንድ መስመር ጽሑፍ በአንድ ላይ ነው። ፎቶዎቹ ስክሪኑን ሞልተውታል፤ ዋጋው ታች ላይ በትንሽ ፊደል ነው። ጣቷ የወደደችው የቱን ነው? ከምልክቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

«እሺ ብላለች» የሚለው ትርጉም ይህን ሁሉ ዘጋው። ተርጓሚው ሁለት ሊሆን ከሚችል ነገር አንዱን መርጦ፣ መምረጡን ደበቀው። ጋሼ 👍 ብቻ ቢደርሳቸው ኖሮ ምናልባት «ምን ማለቷ ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። «እሺ» ከደረሳቸው ግን ምን ይጠይቃሉ?

እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ እህል ገዢ ኩባንያ ለአንድ ገበሬ የተልባ ሽያጭ ውል ፎቶ አንስቶ በስልክ ላከለት፤ እባክህ አረጋግጥ አለው። ገበሬው 👍 መለሰ። ከዚያ የተልባ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፣ ተልባውም ሳይመጣ ቀረ። ገበሬው «መልእክቱ ደረሰኝ ማለቴ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በሰኔ 2023 ውሉ ጸንቷል ብለው ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ ካሳ ወሰኑ። በ2024 መጨረሻም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

ብዙ ሰው ከዚህ «👍 ማለት ውል ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። ዳኛው ያሉት ግን እሱን አይደለም። የተመለከቱት ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት እንዴት ይዋዋሉ እንደነበር ነው። ገበሬው በቀደሙት ውሎች ላይ «ኦኬ»፣ «ጥሩ ነው» እና መሰል አጫጭር መልሶችን ሰጥቶ እህሉን አስረክቧል። 👍 የተነበበው በዚያ ልማድ ውስጥ ነው። ለተርጓሚ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ምልክቱን ወደ ቃል ከቀየርከው ልማዱን መመርመር አይቻልም፤ ሁሉም «እሺ» ይሆናል።

የእኛን ደንበኛ ልማድ አየሁት። ከዋጋው መልእክት በፊት በነበረው ቻት 17 ጊዜ 👍 አድርጋለች። 15ቱ ፎቶ ላይ ነው፣ ሁለቱ የጠዋት ሰላምታ ላይ። ገንዘብ በተነሳበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ በቃል ነው የመለሰችው፦ መጀመሪያ በ1,800 መስማማቷን፣ ቀጥሎ ቅድሚያ ክፍያ መላኳን፣ ከዚያ የጭነቱን ወጪ። በአንዱም ላይ ጣት የለም። ከዚህ ተነስቼ አስተያየት ስጥ ብባል ጣቷ የወደደችው ፎቶዎቹን ነው እላለሁ። ያንን የምለው ግን እንደ አንባቢ ነው። እንደ ተርጓሚ የምጽፈው 👍 የት እንደተጫነ ብቻ ነው።

የጋሼ ሳቅ

ዕቃው ተጭኖ የቀረው ክፍያ ሲመጣ 21,600 ብር ሆነ። ጋሼ የጠበቁት 30,000 ነው። ለልጁ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ መተማመን 😂😂»

ይህን የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ በሙሉ ጋሼ መናደዳቸውን ያውቃል። ልጁም ያውቃል። ግን ኢሞጂውን ባለጌ እንዳይመስል አወጣው። ቃለ አጋኖውን ግን ይዞ «በጣም ጥሩ! መተማመን ማለት ይህ ነው!» የሚል እንግሊዝኛ ላከ። እሷም ❤️ መለሰች። ከሳምንት በኋላ 8,400 ሲጠየቅ ደነገጠች። ክፍያው እንደደረሰና እንደተመሰገነች ነው የምታውቀው።

ለስላቅ የራሱ ምልክት ያለው ጽሕፈት ብዙ አይደለም፤ የእኛ ግን አለው። ትእምርተ ስላቅ ይባላል፦ ¡። ሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ከነስሙ አለ፤ ቻት ላይ የሚጠቀምበት ሰው ግን አላየሁም። አሁን ሥራውን የወረሰው በአብዛኛው 😂 ይመስለኛል። የጋሼን ዓረፍተ ነገር «እንዲህ ነው እንጂ መተማመን¡» ብለው ቢጽፉት ያው ነው። እንዲህ ካየነው 😂ን ማውጣት ጌጥ ማውጣት አይደለም። «አይደለም» የሚለውን ቃል ከዓረፍተ ነገር እንደ መሰረዝ ነው፤ ትርጉሙ ይገለበጣል።

ቢቀመጥስ? ከምስጋና ቃል አጠገብ ያለ 😂 ለእንግሊዝኛ አንባቢ ደስታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማውጣትም ማስቀመጥም አይበቃም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ጋሼን እጠይቃለሁ፦ «ስላቁን እንዳለ ላድርሰው ወይስ በቀጥታ ልንገራት?» የማያውቁት አገር ሰው ላይ ስላቅ መሰንዘር ላኪው ራሱ ካሰበበት በኋላ የሚተወው ነገር ነው። ስጠይቃቸውም «ኧረ በቀጥታ ይነገራት» ነው ያሉት። በቀጥታ ከሆነ «ክፍያው ደርሶኛል፣ ግን ከጠበቅሁት 8,400 ብር ይጎድላል» ይበቃል። አንድ ሳምንት ይተርፍ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ የተሠራው ትርጉም

ነገሩን ለማየት ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። አንዱ ዕቃውን የጫነው ወኪል ነው፤ ሁለተኛዋ አዲስ አበባ የምትኖር የደንበኛዋ ወዳጅ ናት። ሁለቱም ሁለቱን ቋንቋ ይሰማሉ፤ ሆኖም ደንበኛዋም ጋሼም የየራሳቸውን ማንበብ ስላለባቸው ሙሉው ቻት በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ተጠየቅሁ።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልኩት ይገለበጣል። ሰዎች እየተነጋገሩ ከሆነ ምልክቱን መቀየር ትክክል ነው፤ ዓላማው መግባባት ነውና። ማስረጃ ሲሆን ግን ምልክቱ ማስረጃው ራሱ ነው። 🙂ን «መሰለኝ» አድርጌ ብጽፈው ያላለችውን ቃል አፏ ውስጥ አስገባሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ነገር አልወጣም፤ ምንም ነገር አልተጨመረም።

ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ላኪ፣ ዋናው ጽሑፍ ከነምልክቱ፣ ትርጉም፣ ማስታወሻ። ትርጉሙ ውስጥ ኢሞጂው እንዳለ፣ በቁጥሩም ልክ ይቀመጣል፤ ሦስት ከሆነ ሦስት። አምስት ነጥብ አምስት ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ማስታወሻው ላይ የምጽፈው የምልክቱን ቅርጽ ነው እንጂ ትርጉሙን አይደለም። የ👍 ረድፍ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት፤ ራሱን የቻለ መልእክት አይደለም፤ በተራ ቁጥር 58 ባሉት ስድስት ፎቶዎችና መግለጫቸው ላይ እንደ ሪአክሽን የተጫነ።» «ተስማምታለች» የሚል ቃል አልነበረበትም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ነበር። ልጁ ቻቱን ኮፒ አድርጎ በፋይል ሰጠኝ። መልእክት ኮፒ ሲደረግ ጽሑፉና ውስጡ ያለው ኢሞጂ ይመጣል፤ ሪአክሽን ግን አብሮ አይመጣም። በፋይሉ ላይ ያ 👍 ጭራሽ የለም፤ የጠቡ እምብርት ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪን ሾት ከሁለቱም ስልክ ተነሳ። ከሁለቱም ያልኩት ኢሞጂ ከስልክ ስልክ መልኩ ስለሚለያይ ነው። የአንዱ ኩባንያ ፈገግታ በሌላው ስልክ ላይ ጥርሱን የነከሰ ሊመስል ይችላል። በዚህ ጉዳይ የተለየ ነገር አልተገኘም፤ ማየቱ ግን አይጎዳም።

ለኔ ከባዱ ረድፍ የእሷ የመጨረሻ መልስ ነበር። ገንዘቡ ሲጠየቅ «ኦኬ.» ብላ ጻፈች፤ በእንግሊዝኛ ነጥብ የተዘጋ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ «ኦኬ!» ነበር የምትለው። አሜሪካ የሚገኘው የቢንጋምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ126 ተማሪዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በነጥብ የተዘጉ አጫጭር የስልክ መልሶች ነጥብ ከሌላቸው ይልቅ ቅንነት የጎደላቸው ሆነው እንደሚነበቡ አግኝተዋል። አማርኛ ላይ «እሺ።» ብሎ መጻፍ ይህን አያሳይም። አራት ነጥብ የተጠቀመ ሰው ቢበዛ ጠንቃቃ ነው ይባላል። ወሬው ላይ ብሆን «ይሁን እንግዲህ» ብዬ እተረጉመው ነበር፤ ቅዝቃዜውን ይዞ ይመጣል። ማስረጃው ላይ ግን «እሺ.» ብዬ የራሷን ነጥብ ተውኩ። ማስታወሻው ላይ «ከዚህ በፊት በተራ ቁጥር 4፣ 19 እና 33 ያው ቃል በቃለ አጋኖ ተዘግቷል» አልኩ። መቀዝቀዟን አልተናገርኩም፤ አንባቢው ራሱ እንዲያየው አደረግሁ። ማስታወሻ ያበዛሁ መሰለኝ ብዬ ለወኪሉ ስነግረው «ያለ ማስታወሻው እኮ 'እሺ ከፍላለሁ' ብላለች ብለን ልንፈርድ ነበር» አለኝ።

እንዴት አለቀ

በቪዲዮ ጥሪ ተቀመጡ። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ። ደንበኛዋ የጋሼን ዋና መልእክት ከነነጥቡና ከነእጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በትርጉም አነበበችው። «ይህ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ጥያቄ አልደረሰኝም» አለች። ጋሼ በበኩላቸው 👍 ፎቶ ላይ የተጫነ መሆኑን በስክሪን ሾቱ ሲያዩ ዝም አሉ፤ ቀጥለው «ዋጋው እኮ ከሥሩ አለ» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ልዩነቱን ለሁለት ከፈሉት፤ 4,200 ብር ጨመረች።

አሁን ዋጋ ያለበት መልእክት ከፎቶ ጋር አይሄድም። ለብቻው ይሄዳል፣ በጥያቄ ምልክት ያልቃል፤ መልሱም ቁጥሩን የያዘ ዓረፍተ ነገር ካልሆነ ልጁ እንደ መልስ አይቆጥረውም። 👍 ከመጣ «👍 አድርጋለች፤ በቃል ልጠይቃት?» ብሎ ለአጎቱ ይጽፋል። በተረፈው፣ በሰላምታውና በጨዋታው፣ እንደፈለገ ይቀይራል።

ከልጁ ጋር እስካሁን ያልተስማማነው በ🙏 ላይ ነው። እኔ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ አንድ ይበቃል እላለሁ። እሱ ደግሞ ደንበኛዋ የጋሼን ልማድ ስለለመደችው ሦስቱም ይቆዩ ባይ ነው። በቅርቡ ደንበኛዋ ራሷ ለአዲስ ትእዛዝ ስትጽፍ ሰላምታዋን በሦስት 🙏 ስለዘጋች፣ ክርክሩን ለጊዜው እሱ ረትቷል።